የጋዜጣ ፒዲኤፍ በአምድ ተራው እንዲወጣ፦ ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን፦ ጋዜጣውን ወደ ጽሑፍ ስቀይረው የአንዱ አምድ መስመር ጎኑ ካለው ጋር ይደባለቃል። በ`pdftotext -layout` ነው የማወጣው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ የሚደባልቅብህ `-layout` ራሱ ነው፣ አቦ። ይህ አማራጭ የተሠራው የገጹን መልክ እንዳለ ለማቆየት ነው። ሦስት አምድ ጎን ለጎን ካለ ሦስቱንም በአንድ መስመር ይደረድራል፣ መሃሉን በባዶ ቦታ ይሞላዋል፦

```
የውሃ መስመሩ ከተዘረጋ     በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ      ጥገናው ሲያልቅ ግን
ሁለት ዓመት ቢሆነውም     ነው የሚመጣው ይላሉ      ሰፈሩ ሁሉ ያገኛል
```

ዓይን ይህን አይቶ ቁልቁል ያነባል። ፋይሉን የሚቀበለው ፕሮግራም ግን «የውሃ መስመሩ ከተዘረጋ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ጥገናው ሲያልቅ ግን» ብሎ ነው የሚያነበው።

መጀመሪያ `-layout`ን አውጣና ያለ ምንም አማራጭ ሞክር። ያኔ መሣሪያው በአምዶች መሃል ያለውን ነጭ ቦታ አይቶ የንባቡን ተራ ይገምታል። ግምት ነው ያልኩት አውቄ ነው፤ አብዛኛው የጋዜጣ ፒዲኤፍ ፊደሉ የገጹ የት ላይ እንደሚቀመጥ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ «ይህ ሁለተኛው አምድ ነው» የሚል ነገር አልተጻፈበትም። ነጩ ቦታ ጠባብ ከሆነ ወይም የፎቶ መግለጫ ሁለት አምድ ላይ ከተዘረጋ ግምቱ ይስታል።

ከለገሃሬ፦ ገጹን በሙሉ ሳላነብ ተራው ትክክል መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጋጠሚያዎቹን ብቻ እያቸው። የአንደኛው አምድ የመጨረሻ መስመር ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ቃላት ከፒዲኤፉ አንብቢና በወጣው ጽሑፍ ውስጥ ፈልጊያቸው። ቀጥሎ መምጣት ያለበት የሁለተኛው አምድ የመጀመሪያ መስመር ነው። አራት አምድ ያለው ዜና ሦስት መጋጠሚያ አለው፤ ሦስቱ ከያዙ ዜናው ይዟል። የአምዱን መሃል ማየት ብቻ አይበቃም፣ የተራ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከሳቢያን፦ `-layout`ን አወጣሁት፣ መስመሮቹ ተለያዩ። አሁን ደግሞ የላይኛው ዜና አንደኛ አምድ ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው አምድ መዞሩን ትቶ ወደታችኛው ዜና ይወርዳል። ገጹ 3 ነው፣ ሁለት ዜና አለበት፣ ሁለቱም አራት አራት አምድ።

መልስ፦ የጋዜጣ ገጽ ዋናው ችግር ይህ ነው። ሁለቱ ዜናዎች አምዶቻቸው እርስ በርስ ትክ ብለው ስለገጠሙ መሣሪያው አንድ ረጅም አምድ ይመስለዋል። መፍትሔው ገጹን መጀመሪያ በአግድም በየዜናው መቁረጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ በቁም በየአምዱ መቁረጥ ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው አሁን ያጋጠመህ ነገር ይመለሳል።

ልኩን ለማግኘት ይህን ስጥ፦

```
pdftotext -f 3 -l 3 -bbox gazeta.pdf p3.html
```

ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ከ`xMin`፣ `yMin`፣ `xMax` እና `yMax` ጋር ተቀምጧል። ቁጥሩ የሚጀምረው ከገጹ የላይኛው ግራ ጥግ ነው፣ 72ቱ አንድ ኢንች ይሆናል። ገጹ ኤ3 ነው እንበል፣ ወርዱ 842፣ ቁመቱ 1191። የአምዶቹ ግራ ጠርዝ 40፣ 234፣ 428 እና 622 ላይ ሆኖ ታገኘዋለህ እንበል፤ ቀኝ ጠርዛቸው ደግሞ 220፣ 414፣ 608 እና 802። በመሃላቸው 14 ነጭ ቦታ አለ ማለት ነው። መቁረጫውን የነጩ ቦታ እኩሌታ ላይ አድርገው፦ 227፣ 421፣ 615። የመጀመሪያውን ከ33 ብታስጀምረው ሁሉም ቁራጭ እኩል 194 ወርድ ይኖረዋል። የላይኛው ዜና ጽሑፍ ከ200 እስከ 620 ከወረደ ቁመቱ 420 ነው፦

```
for x in 33 227 421 615; do
  pdftotext -f 3 -l 3 -x $x -y 200 -W 194 -H 420 \
    -nopgbrk gazeta.pdf - >> p3.txt
done
```

ለታችኛው ዜና `-y`ን እና `-H`ን ብቻ ቀይረህ ድገመው። ርዕሱ ሁለት ሦስት አምድ ላይ ስለሚዘረጋ ለብቻው ቁረጠው፤ ከአምዶቹ ጋር ካስገባኸው በየአምዱ ይቆራረጣል። `-nopgbrk` ካልተጻፈ በየቁራጩ መጨረሻ የገጽ መቁረጫ ምልክት ይገባል። አራት ጊዜ ስለምታወጣ አራት ምልክት ይሆናል።

ልኩን በፒዲኤፍ ማንበቢያ ማያ ላይ በማስመሪያ አትውሰድ። ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ጠርዙ ላይ የመከርከሚያ ምልክት ይኖረዋል፤ ማንበቢያው ያንን ቆርጦ ሊያሳይህ ይችላል፣ `pdftotext` ግን ከሙሉው ገጽ ነው የሚቆጥረው። የወጣው ጽሑፍ ከእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፊደል ከጎደለው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የግራና የቀኝ ገጾች ኅዳጋቸው ስለሚለያይም የገጽ 3 ልክ ለገጽ 4 ላይሠራ ይችላል።

ከሐረር፣ አራተኛ፦ ይህ ሁሉ ልኬት ለምን አስፈለገ? በፓይተን `PyMuPDF` ጭነህ `sort=True` ብትለው በአንድ መስመር ያልቃል። እኔ ለደብዳቤና ለሪፖርት ሁሌም እሱን ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ ለደብዳቤና ለሪፖርት ትክክል ነህ፣ እነሱ አንድ አምድ ናቸው። `sort=True` ግን መጀመሪያ ከላይ ወደታች፣ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚደረድረው። አራት አምድ ያለበት ገጽ ላይ ከሰጠኸው ሳቢያን ያለው ወንድማችን ከ`-layout` ያገኘውን ድብልቅ ታገኛለህ። አምዱ ተቆርጦ ለብቻው ከወጣ በኋላ ግን `sort=True` ጠቃሚ ነው፤ ገጹን ያቀናበረው ሰው አንዱን አንቀጽ ዘግይቶ ጨምሮት ከሆነ በቦታው ይመልሰዋል።

ከመጋላ፦ የእኔም እንደዚሁ ነው፤ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ ያለበትን ሳወጣ ስሙ ሁሉ መጀመሪያ ይመጣል፣ ዋጋው ሁሉ መጨረሻ። እኔም አምዱን ልቁረጥ?

መልስ፦ አትቁረጪ፣ የአንቺ ተቃራኒው ነው። ያንቺው ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዥ በአግድም ነው የሚነበበው፣ ሽንኩርት ከዋጋው ጋር መቆየት አለበት። ሠንጠረዡን ብቻ በ`-x`፣ `-y`፣ `-W` እና `-H` ለይተሽ እዚያ ላይ `-layout`ን ጨምሪ። ከላይ የከሰስነው አማራጭ እዚህ ትክክለኛው ነው። በአንድ ገጽ ላይ ዜናውን ያለ እሱ፣ ሠንጠረዡን ከእሱ ጋር ማውጣት ይቻላል።

ከጀጎል፦ ልጆቼ፣ ያለኝ የድሮ ጋዜጣ ነው፣ በፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ። ትዕዛዙን ብሰጠውም ባዶ ፋይል ነው የሚመጣው።

መልስ፦ የእርስዎ ፒዲኤፍ ውስጥ ፊደል የለም፣ ምስል ብቻ ነው ያለው። `pdffonts gazeta.pdf` ብለው ሲጠይቁት ከአርዕስቱ በታች ምንም ካልዘረዘረ ይህ የተረጋገጠ ነው። ፊደሉን ከምስሉ አንብቦ የሚያወጣው `tesseract` ነው፣ የአማርኛው ፋይል `amh` ይባላል፣ ለብቻው ይጫናል። አቆራረጡ እዚህም አይቀየርም፤ የሚቀየረው ቁጥሩ ነው። ምስሉን በ300 ስለምናወጣ ከላይ በ72 የተለካውን እያንዳንዱን ቁጥር በ300 አባዝተው ለ72 ያካፍሉ። 33 ወደ 138፣ 200 ወደ 833፣ 194 ወደ 808፣ 420 ወደ 1750 ይመጣል፦

```
pdftoppm -r 300 -f 3 -singlefile -x 138 -y 833 \
  -W 808 -H 1750 -gray -png gazeta.pdf k1
tesseract k1.png k1 -l amh --psm 6
```

`--psm 6` ምስሉን እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል ያነበዋል፣ ለተቆረጠ አምድ የሚስማማው ይህ ነው። ሙሉ ገጽ ላይ ቢሰጡት ግን አምዶቹን ይደባልቃል። የእርስዎ ገጽ በ`-bbox` ስለማይለካ ልኩን ከምስሉ በፒክስል ይውሰዱ፤ ያኔ ማባዛቱም አያስፈልግም። አንድ ችግር አለ፦ ጋዜጣው ተጣጥፎ በስልክ ከተነሳ አምዱ ይጎብጣል፣ የጎበጠ አምድ ደግሞ በአራት ማዕዘን አይቆረጥም። እንዲህ ያለው በጠፍጣፋ ስካነር እንደገና ቢነሳ ከማረም ይቀላል።

ከመልካ ጀብዱ፦ የእኔ ተራው ልክ ነው፣ ፊደሉ ግን የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ማያው ላይ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

መልስ፦ ጋዜጣው የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው። በእነዚያ ፎንቶች የላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ነው የተቀመጠው፤ ማያው ቅርጹን ያሳይሃል፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲኑ ቁጥር ነው። የ`pdffonts` ዝርዝር ላይ `uni` በሚለው ሥር `yes` ማየትህም አያረጋጋህ፣ ወደ ላቲኑ የሚያመለክትም `yes` ይባላል። የፎንቱን ስም እዚያው ታገኘዋለህ፣ የመቀየሪያ ሰንጠረዡ ለዚያ ፎንት የተሠራ መሆን አለበት፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። መጀመሪያ አምዱን ቆርጠህ አውጣ፣ ፊደሉን በኋላ ቀይር። ከእነዚህ ፎንቶች አንዳንዶቹ አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ስለሚገጥሙ ቁራጮቹ ቦታ እንዳይለዋወጡ ከ`sort=True` ራቅ። ሰንጠረዥ ካልተገኘ ለጀጎሉ አባታችን የተነገረው የምስል መንገድ አለልህ።

ከለገሃሬ፦ አሁን ተራው ይዟል። ግን ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ሰረዝ ይቆረጣል፣ «አስተዳ» ብሎ በሚቀጥለው መስመር «ደሩ»። መስመሮቹን ላያይዝ ስል በመሃሉ ባዶ ቦታ ይገባል።

መልስ፦ ለዚህ ሙሉ መፍትሔ የለኝም። ሰረዝ ካለ ማያያዝ ቀላል ነው፤ ከሌለ ግን መስመሩ ያለቀው በሙሉ ቃል ይሁን በቁራጭ ከቦታው አይታወቅም።

ከሐረር፣ አራተኛ፦ በቃላት ዝርዝር ማመሳከር ይቻላል። «አስተዳ» ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ «አስተዳደሩ» ካለ፣ ይያያዝ።

መልስ፦ ለብዙው ይሠራል። የሚቸግረው ሁለቱም ቁራጭ ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ሲሆኑ ነው፤ «ቤት» ብሎ ቆርጦ «ኪራይ» ቢል ዝርዝሩ አይፈርድልህም። በተጨማሪ የአማርኛ ግስ እርባታው ብዙ ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ትክክለኛ ቃል ሞልቷል። ስለዚህ አጠራጣሪዎቹን ምልክት አድርጎ ለሰው መተው ይሻላል እላለሁ። አንተ ካልተስማማህ አንድ ገጽ በሁለቱም መንገድ አውጥተህ አወዳድር።

ይህን ግን ሳትፈሩ በሙሉ ፋይሉ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። ብዙ ጋዜጣ አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ ይጽፈዋል፣ ዓይን አይለየውም፣ ፍለጋ ግን ይለየዋል፦

```
sed -i 's/፡፡/።/g' p3.txt
```

መስመሮቹን ከማያያዛችሁ በፊት አድርጉት፤ አንቀጹ የት እንደሚያልቅ የምታውቁት መስመሩ በ። ማለቁን አይታችሁ ነውና።