ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ስታዝዙ «መቼ ይደርሳል?» አትበሉ

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ እዚህ ሜሪላንድ ስታገባ የሙሽራዋንና የአምስት ሚዜዎቿን ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ያሳዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ለሰርግም ለክርስትናም እየደወለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ልብሱ ሰርጉ ካለፈ በኋላ የደረሰባቸውን ሙሽሮች አውቃለሁ፤ አንዷ ከጓደኛዋ ተውሳ ነው የቆመችው። ከብዙዎቹ ጀርባ ያለው ችግር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለሱቋን የጠየቋት «መቼ ይደርሳል?» ብለው ነው።

ይህ ጥያቄ የሚያመጣው መልስ ይታወቃል፤ «አይዞሽ፣ ይደርሳል»። ባለሱቋ እየዋሸች አይደለም። እሷ ራሷ ልብሱን አትሠራውም። ክር የሚሸጠው፣ ድሩን የሚያደራው፣ የሚሸምነው፣ የሚሰፋው፣ ጥልፍ ካለውም የሚጠልፈው ሌላ ሌላ ሰው ነው። «ሁለት ወር» ስትላችሁ የእነዚህን ሁሉ ቀን ደምራ ሳይሆን ከዚህ በፊት የነበረውን አስታውሳ ነው። ስለዚህ የሁለት ወሩን ውስጥ ከፍታችሁ ማየት የእናንተ ሥራ ነው።

የእኛ ሰርግ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ነበር፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 25። ለባለሱቋ መጀመሪያ የጻፍኩላት ሐምሌ 14 ቀን 2017 ነው። «ሁለት ወር ይበቃኛል» አለችኝ። ሁለት ወር ማለት መስከረም 11 ነው፤ ሰርጉ ሊደርስ ከወር በላይ ይቀረዋል፤ ላይ ላዩን ሲታይ ምንም አያስፈራም። ችግሩ መስቀል ነው። ሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ ለመስቀል ወደ አገራቸው ይገባሉ። መስቀል መስከረም 17 ይውላል፣ እነሱ ግን ቀደም ብለው ነው የሚነሡት፤ ከተመለሱ በኋላም እጃቸው ወዲያው አይፈታም። ጨርቁ መስከረም 11 መጠቅለያው ላይ ካለ አንዲት ቀን መዘግየት የአንዲት ቀን መዘግየት አይደለችም፤ ጥቅምት ውስጥ ትገባለች። ሁለት ወር ከሚለው ቃል ውስጥ ይህ አይታይም።

ቀብዱን ከመላኬ በፊት በቴሌግራም ይህን ጻፍኩላት፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ቀብዱን ከመላኬ በፊት እነዚህን ብትመልሺልኝ። የስድስቱም ቀሚስ ክር አንድ ላይ የሚገዛው በየትኛው ቀን ነው? ድሩ በስንት ሸማኔ ይደራል? ጥለት ያለበትን አንዱ በቀን ስንት ሜትር ያወጣል? ለመስቀል የሚነሡት በየትኛው ቀን ነው? ሰፊው ጨርቁን የሚረከበው መቼ ነው? ጥቅሉ ከሱቅሽ የሚወጣበትን ቀን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፊልኝ።»

«እሺ» ብሎ የሚመለስ አንድም ጥያቄ የለበትም፤ አስቤ ነው። ለሁሉም ቁጥር ወይም ቀን ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ ባለሱቋ ሸማኔዎቹን ልትጠይቅ ግድ ነው። መልሷ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሁለት ሸማኔ እንደምትይዝ፣ አንዱ ጥለት ያለበትን በቀን አንድ ሜትር ያህል እንደሚያወጣ፣ ጳጉሜን ሲያልቅ እንደሚነሡ ነገረችኝ።

ከዚያ እኔ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ለአንድ ቀሚስ አምስት ሜትር ጠይቃለች፤ ስድስቱ ሠላሳ ሜትር። ለሙሽራውና ለወንድ ሚዜዎች ሸሚዝ የሚሆን ስምንት ሜትር አለ። በጠቅላላው 38። ለሁለት ሲካፈል ለአንዱ ሸማኔ 19 የሥራ ቀን ነው፤ እሁድን አውጥታችሁ ስትቆጥሩ ሦስት ሳምንት ይሞላል፣ በዓል ያለበት ሳምንት ካለ ይጨምራል። ድሩ ነሐሴ 3 ከተደራ ሽመናው ጳጉሜን 1 ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ለመዘግየት የሚሆን አምስት ቀን ያህል ትርፍ አለው። ሰፊው ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 12 ይሰፋል። ጥቅሉ መስከረም 15 ይወጣል። ይህን መልሼ ጻፍኩላትና «ልክ ነኝ?» አልኳት። «ልክ ነሽ» ያለችው ያን ጊዜ ነው፤ ቀብዱንም ያን ቀን ላክሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር። እዚህ የምንኖር ሰዎች ሴፕቴምበርን መስከረም፣ ጁላይን ሐምሌ እያልን ማውራት ለምደናል። አዲስ አበባ ያለው ሰው «መስከረም 10» ሲል ሴፕቴምበር 20 ማለቱ ነው። እኛ ሴፕቴምበር 10 ብለን ከተረዳን አሥር ቀን እዚያው ጠፋ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስጽፉ፤ የሳምንቱንም ቀን አስጨምሩ፤ ስህተት ካለ ያን ጊዜ ይታያል።

ቆጠራው ከመቼ ይጀምራል የሚለውም መጠየቅ አለበት። ለእናንተ ቀብዱ ከተላከበት ቀን ነው። ለባለሱቋ ግን ብዙ ጊዜ የጥለቱን ቀለም «ይሁን» ካላችሁበት ቀን ነው፤ ልኬት ካዘገያችሁም ልኬቱ ከደረሳት ቀን። ሁለቱም የእናንተ እጅ ላይ ያሉ ናቸው። የጥለቱ ናሙና ፎቶ ሐምሌ 28 ሲመጣልኝ ሙሽራዋ ሥራ ላይ ነበረች፣ ማታ አየችውና አረንጓዴው ጠቆረባት። በነጋታው በቀን ብርሃን ሌላ ፎቶ አስነሥተን በሁለተኛው ቀን ወሰንን። ሦስት ሳምንት ሲያመነቱ ቆይተው «ዘገየችብኝ» የሚሉ አሉ፤ ያ የባለሱቋ ጥፋት አይደለም። ክሩን አንድ ላይ አስገዙ ያልኩት ደግሞ ሲጎድል ሌላ ጊዜ የሚገዛው ክር ቀለሙ ከመጀመሪያው ጋር ስለማይገጥም ነው፤ ሙሽራዋና አምስቱ ሚዜዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ይታያል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ «እንዴት እየሄደ ነው?» ማለት ጥቅም የለውም፤ መልሱ «እየተሠራ ነው» ነው። ነሐሴ 20 ላይ የጻፍኩት «ከእያንዳንዱ መጠቅለያ ላይ ስንት ሜትር ወጥቷል? ሸማኔው እየሠራ አጭር ቪዲዮ ላኪልኝ» የሚል ነበር። በዚያ ቀን ከአንዱ አሥራ አራት፣ ከሌላውም አሥራ አራት መውጣት ነበረበት። አንዱ 12 አለው። ሁለተኛው አራት ሜትር ብቻ። ቪዲዮውን ስናይ ሁለተኛው ሸማኔ የእንቁጣጣሽ ነጠላ ለሌላ ሰው እየሠራ ነበር፣ የእኛ ድር ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። ባለሱቋም አላወቀችም ነበር፤ ደነገጠች።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ገንዘብ ጨምሮ «ያፋጥን» ይላል። እኔ አልመክርም። ሸማኔ ሲጣደፍ ማጉን አጥብቆ አይመታም፤ ጨርቁ ይሳሳል። ብርሃን ላይ ሲያዝ ወዲያ ያለው ነገር ይታያል፣ ሲታጠብም ጥለቱ ይሸሻል። ሌላ ሸማኔ ማስገባትም ቀላል አይደለም፤ አዲስ ድር ማድራት ስለሚያስፈልገው የሚቆጥበውን ቀን ያህል ይበላል።

ከባለሱቋ ጋር ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ሁለተኛው ሸማኔ ነጠላውን ትቶ ወደ እኛ ድር እንዲመለስ አደረገች፤ ደንበኛዋን ለማግባባት ነጠላውን ከሱቋ አውጥታ ሰጠች። ሁለተኛው የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። ሰፊው 38ቱ ሜትር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። የወጣው 12 ሜትር ሁለት ቀሚስ ነው፤ ተቆርጦ ነሐሴ 22 ሰፊው እጅ ገባ። መጀመሪያ የሙሽራዋ እንዲሰፋ ጠየቅሁ፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እሷ ትልበስ። ቀሪው 22 ሜትር ለሁለት ሸማኔ አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ ሽመናው ከጳጉሜን 1 ወደ ጳጉሜን 4 ቢሸሽም ስፌቱ ቀድሞ ስለጀመረ መጨረሻው አልተነካም። የሸማኔዎቹም መሄጃ ቀን ገና ነበር። ይህን ሁሉ ያተረፈልን የነሐሴ 20ዋ ጥያቄ ናት። በመስከረም 5 ብጠይቅ ኖሮ የምለው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ስለ ክፍያ፦ ሙሉውን በአንዴ አትላኩ። የክሩንና የሸማኔውን ቀብድ መጀመሪያ፣ የሰፊውን ጨርቁ ሲረከብ፣ የመጨረሻውን የታጠፈውንና የተቆጠረውን ልብስ ፎቶ ስታዩ። ይህ ባለሱቋን ለመጫን አይደለም፤ እሷም ለየባለሙያው የምትከፍለው በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

መላኩ ላይ «በፖስታ ነው፣ በፈጣን መልእክት ነው፣ በሰው እጅ ነው?» ብላችሁ ከመጀመሪያው ወስኑ። አሜሪካ ላላችሁ፦ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው ሕግ ከኦገስት 29 ቀን 2025፣ ማለትም ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ቆሟል። ያኔ ከብዙ አገር የሚላክ ዕቃ ተንገራግጮ ነበር። ስለዚህ የልብሱን ዓይነትና ዋጋ በትክክል አስጽፉ፤ «ስጦታ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ጥቅል ሲያዝ የሚጠፋው ጊዜ ከሽመናው መዘግየት አያንስም። በሰው እጅ ከሆነ የበረራ ቀኑን ባለሱቋም ትወቅ፤ ሰፊው ያንን ቀን ጠብቆ ይሠራል።

የእኛ ጥቅል መስከረም 15 ወጣ፣ መስከረም 23 እጃችን ገባ፤ ኦክቶበር 3። አንዷ ሚዜ ትከሻዋ ላይ ጠበባት፣ የሙሽራዋም ቀሚስ ሁለት ጣት ያህል ረዝሟል። እዚሁ ያለች ሰፊ በአራት ቀን አስተካከለችው። የቀረን ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልተጨነቀም።