«ስም አይጠየቅም» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት

«ጋሼ፣ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የሰው ሀብት ክፍል ከገባሁ አራት ወሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለ62ቱ ሠራተኞች ስም የማይጻፍበት የአስተያየት መጠይቅ እንዲሞሉ የሚጋብዝ ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ። ሠራተኛው ግን ‹ማን እንደጻፈው ያውቁታል› እያለ ከወዲሁ ያጉረመርማል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ፣ ደብዳቤውን ለጊዜው ተዪውና መጠይቁን ክፈቺ። አንድ ተራ ሠራተኛ ሆነሽ ከላይ እስከ ታች ሙዪው። ደብዳቤው ላይ የምትገቢው ቃል እውነት ይሁን አይሁን የሚታየው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የሥራ ክፍል፣ ፆታና የአገልግሎት ዘመን ይጠይቃል እንበል። መጋዘን ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ፤ ከአምስቱ ሴት አንዷ ብቻ ናት። እሷ «መጋዘን» እና «ሴት» ላይ ምልክት ስታደርግ ስሟን ጻፈች ማለት ነው። የአገልግሎት ዘመኑም እንደዚሁ ነው፤ 20 ዓመት የሠራ ሰው በየክፍሉ ስንት አለ? ስለዚህ ክፍሎቹን «ቢሮ» እና «መጋዘንና መስክ» ብለሽ በሁለት ጠቅልያቸው። ፆታው ለምትወስኑት ነገር ካላስፈለገ አውጪው። ከአምስት በታች ሰው የመለሰበትን ቡድን ውጤት ለብቻው አታውጡ። ይህ በሙያው የተለመደ አሠራር ነው።

መጠይቁ በጎግል ፎርም ከሆነ ሁለት ቦታ ተመልከቺ። Collect email addresses የሚለው Do not collect ላይ ይሁን። Limit to 1 response የሚለውን አጥፊው። ይሄኛው ኢሜይሉን ለአንቺ አያሳይሽም፤ ግን ሠራተኛው በራሱ አካውንት ካልገባ አይከፍትለትም። የገዛ ኢሜይሉን ገጹ ላይ ሲያይ ይደነግጣል፣ ዘግቶት ይወጣል። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሊሞላ ይችላል፤ ሁሉም ፈርቶ ከሚቀር ግን ይሻላል።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ስለደረሰብኝ ነው። ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት «ስም አትጻፉ» ተብሎ የወረቀት መጠይቅ ታደለን። ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ወረቀቱን ገለበጠው። ከኋላው ጥግ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበታል። የእኔንም ገልብጬ አየሁት፤ እሱም ቁጥር አለው። ምናልባት ስንት እንደታደለ ለማወቅ ብቻ ይሆናል። ግን ወሬው በአንድ ሻይ ሰዓት ቢሮውን አዳረሰው፤ ሁላችንም «ጥሩ ነው» እያልን ሞልተን መለስን።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ሁለት ቃላት እንዳይምታቱብሽ። ስም አልባ ማለት ማን እንደመለሰ እኛም አናውቅም ማለት ነው። በሚስጥር ይያዛል ማለት ግን እናውቃለን፣ አንናገርም ማለት ነው። የናንተው የመጀመሪያው ነውና በሁለተኛው አታደብዝዢው። ዓላማውንም «አሠራራችንን ለማሻሻል» ብለሽ አትለፊው። ሥራ አስኪያጁን በዚህ ውጤት ምን እንደሚወስኑ ጠይቂያቸውና እሱኑ ጻፊ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ውድ የሥራ ባልደረቦች፣ የመስክ አበልና የፈረቃ አሠራራችንን ልናሻሽል ስለሆነ አስተያየታችሁን እንፈልጋለን። መጠይቁ 12 ጥያቄዎች አሉት። ስም፣ ስልክም ሆነ ኢሜይል አይጠይቅም። መልሶቹን የምታየው የሰው ሀብት ባለሙያዋ ብቻ ናት፤ ለሥራ አመራር የሚቀርበው የተጠቃለለው ውጤት ነው። በነጻ መጻፊያው ቦታ የራሳችሁንም የሌላ ሰውንም ስም አትጻፉ። መሙላት በፈቃደኝነት ነው። መጠይቁ ሰኞ ኅዳር 8 ተከፍቶ ዓርብ ኅዳር 19 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ውጤቱን ዓርብ ታኅሣሥ 10 በሠራተኞች ስብሰባ እናሳውቃለን።»

ቀኑን ከነዕለቱና ከነሰዓቱ የጻፍኩት አውቄ ነው። «እስከ 19» ብቻ ካልሽ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው እኩለ ሌሊት ያደርገዋል። ሁለት ሳምንት ያደረግሁት ደግሞ ወሩ የአጨዳ ወር ስለሆነ ነው። የመስክ ሠራተኞቻችሁ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ይከርማሉ፣ መካከሉ ላይ ኅዳር ሚካኤል አለ። ስማርት ስልክ ለሌለው ወረቀት አዘጋጂ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ብቻ ያድርግበትና የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይክተተው። የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል።

ማስታወሻ የምትልኪ ከሆነ ረቡዕ ኅዳር 17 በቴሌግራም ግሩፑ ለሁሉም እኩል ላኪው፣ «የሞላችሁ እናመሰግናለን» ብለሽ ጀምሪ። ለአንድ ሰው ለብቻው «እስካሁን አልሞላህም» ብለሽ እንዳትጽፊ። ያንን ካወቅሽ ሌላውንም እንደምታውቂ ነው የሚገባው። ሥራ አስኪያጁ «ይህን ማን ጻፈው?» ብለው ከጠየቁሽም መልስሽ «አላውቅም» ይሁን። መጠይቁን በደንብ ካስተካከልሽው እውነትም አታውቂም።