አለቃዬ የላኩለትን ኢሜይል አያነብም

ጋሼ ሰላም ኖት? አንድ ካፌ ውስጥ ሂሳብ ነው ምሰራው፣ አራት ቅርንጫፍ አለን። ካሸሮቹ የቀኑን ሽያጭ ጉግል ሺት ላይ ያስገባሉ፣ እኔ ደሞ ስክሪፕት ፅፌ በነጋታው ጠዋት 1 ሰዓት ለአለቃዬ ኢሜይል ይሄድለታል፣ ትንሽዬ ቴብል አለችው፣ ከስሯ ደሞ ከቀደመው ቀን ጋር አወዳድሮ ጨመረ ወይ ቀነሰ የሚል አንድ መስመር። ሰውዬው ግን አያነበውም! ደውሎ "ትላንት እንዴት ነበር" ይለኛል፣ ኢሜይሉ ላይ አለ ስለው "እሱን ተወው" ይላል። ቀለም ቀየርኩ፣ ቻርት ጨመርኩ፣ ምንም። ገርጂ ያለችው ልጅ አምሽታ ስለምትዘጋ አንዳንዴ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ምታስገባው፣ እንደውም አንዴ ሽያጭ በ20% ቀነሰ ብሎ ሲሄድ አለቃችን ደውሎ ጮኸባት፣ በኋላ ግን ተስተካከለ። እና ኮሜንቱን አጥፍቼ ቴብሉን ብቻ ልላክ ወይስ ጭራሽ ልተወው?

*

አንተ ልጅ፣ በልጅቷ ላይ የተጮኸውን ነገር በአንድ መስመር አልፈኸው ስለ ቀለምና ቻርት ትነግረኛለህ። ተቆጥቻለሁ። ሰውዬው ማንበብ ያቆመው ኢሜይሉ ስላላማረ አይደለም፣ አንዴ ስለዋሸው ነው፣ ያን ቀን ደሞ የሷ ሽያጭ አልቀነሰም፣ አልገባም ነበር እንጂ። ዛሬውኑ ለአለቃህ ጥፋቱ የስክሪፕቱ እንደነበር ንገረው፣ እሷንም ይቅርታ በላት።

አሁን ወደ ስራው። ሺት ላይ ባዶ የሆነ ሴል በ`getValues()` ሲመጣ ባዶ ፅሁፍ ሆኖ ነው፣ እሱን `Number` ውስጥ ስትከተው ኤረር አይልህም፣ ዝም ብሎ 0 ይሰጥሃል። ላልገባ ቅርንጫፍና ምንም ላልሸጠ ቅርንጫፍ አንድ አይነት ቁጥር ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ለይልኝ፣

```
const v = r[1] === '' ? null : Number(r[1]);
```

`null` የሆነውን ቴብሉ ላይ "አልገባም" ብለህ ፃፈው፣ ከድምሩም አውጣው፣ ግን ከሁለቱም ቀን ድምር ነው ምታወጣው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለምሳሌ የረቡዕ ሽያጭ በብር እንዲህ ነው እንበል፣

| ቅርንጫፍ | ረቡዕ | ያለፈው ረቡዕ | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| ቦሌ | 38,400 | 40,100 | -1,700 |
| ፒያሳ | 29,000 | 28,500 | +500 |
| መገናኛ | 26,600 | 26,300 | +300 |
| ገርጂ | አልገባም | 22,000 | |

ገርጂን ዜሮ ካልከው 116,900 የነበረው 94,000 ሆነ ይልሃል፣ ወደ 20% ወረደ ማለት ነው። ከሁለቱም ስታወጣው ግን 94,900 የነበረው 94,000 ሆነ፣ 900 ብር ብቻ፣ አንድ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። ሰው ላይ ያስጮኸው ይሄ ልዩነት ነው።

ረቡዕን ከረቡዕ ጋር እንዳወዳደርኩት አየህ? ካፌ ነው ያላችሁ እኮ፣ ረቡዕና አርብ ፆም ነው፣ ማኪያቶና ኬክ ይቀንሳል፣ ከማክሰኞ ጋር ካወዳደርከው ኢሜይልህ በየሳምንቱ ሁለቴ "ቀነሰ" እያለ ሊጮህ ነው፣ እንዲህ የሚጮህ ነገር ደሞ ማንም አይሰማውም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ይሄም አይሰራም፣ ያለፈው ሳምንት ከረቡዕና አርብ ውጪ ፍስክ ስለነበር ሌሎቹ ቀኖች ይወርዳሉ፣ ያኔ ከአምናው ሁዳዴ ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያይ፣ ከአምናው ቀን ጋር አይደለም፣ ፋሲካ በየአመቱ ስለሚዘዋወር።

ኮሜንቱን አታጥፋ! አለቃህ ደውሎ የሚጠይቅህ እኮ ልክ እሱን ነው። ግን ሰው እንደሚያወራው ይሁን፣ እንዲህ፦ "ከባለፈው ረቡዕ ጋር ሲተያይ የሦስቱ ቅርንጫፎች ሽያጭ እንደወትሮው ነው፣ 900 ብር ቀንሷል። ገርጂ ይሄ እስከተላከበት ድረስ አላስገባም፣ ድምሩ ውስጥ የለም።" በቃ። ከቴብሉ በላይ አድርገው፣ ሰብጀክቱ ላይም "ረቡዕ፦ እንደወትሮው፣ ገርጂ አልገባም" በል፣ ሰውዬው ስልኩን ሳይከፍት ያየዋል። "እንደወትሮው" የሚለውን በስሜት አትወስን፣ ያለፉትን ስምንት ረቡዖች አውጥተህ በተለምዶ ስንት ወጣ ስንት ወረደ እንደሚል እይ፣ ከዛ ውስጥ ካላለፈ ቀነሰ አትበል። ምክንያት ደሞ በፍፁም አትፃፍ፣ ስክሪፕቱ ዝናብ ይሁን መብራት ይሁን አያውቅም፣ የት ስንት እንደተቀየረ ብቻ ይበል፣ ለምን የሚለውን ካሸሯን ጠይቀህ አንተ ትጨምርበታለህ።

ሰዓቱንም ወደ 4 ሰዓት ግፋው፣ ገርጂ 3 ላይ ከሆነ ምታስገባው። ትሪገሩ ላይ ምትመርጠው አንድ ሰዓት ስፋት ያለው ክፍተት ነው እንጂ ደቂቃው ድረስ ልክ አይደለም፣ ስለዚህ ከ10 እስከ 11am የሚለውን ምረጥና የተላከበትን ሰዓት ኢሜይሉ ላይ አሳትመው። ለአለቃህ ከመላክህ በፊት ሺቱን ኮፒ አድርገህ አንዱን ቅርንጫፍ ባዶ፣ ሌላውን 0 አድርግና ወደ ራስህ ኢሜይል ላከው፣ ሁለቱ ተለያይተው ካልመጡ ገና አልጨረስክም።