አበልጄም ሠራተኛዬም ነው፤ ምን ላድርግ?

«ፍኖተ ሰላም አካባቢ የአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም ቅርንጫፍ ኃላፊ ነኝ። ከብድር ባለሙያዎቻችን አንዱ አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከጥር ወዲህ ሚስቱ ተጣልታው ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። እሱም ሌላ ሰው ሆነብኝ። ያረፍዳል፤ ወርሃዊ ሪፖርቱ ይዘገያል፤ ውዝፍ ብድር ያለባቸውን ገበሬዎች ሄዶ አያነጋግርም። ባለፈው ከአንድ ገበሬ 4,500 ብር ተቀብሎ ደረሰኙ ላይ 5,400 ጻፈ። 900 ብሩን ለማንም ሳልናገር ከኪሴ ሞላሁ። ሌሎቹ ሠራተኞች ‹ለአበልጁ ያደላል› ማለት ጀምረዋል። ዋናው ቢሮም ስለ ውዝፉ ይጠይቀኛል። ማስጠንቀቂያ ልጻፍበት ወይስ እስኪያልፍለት ልሸከመው? ሚስቱም ብትሆን አበልጄ ናት፤ ‹አስታርቁን› ብላ ልካብኛለች።»

ጠያቂያችን፣ ከ900 ብሩ ልጀምር። ብዙ ነገር የሚናገረው እሱ ነው።

ገንዘብ ለማጉደል ያሰበ ሰው ደረሰኝ ላይ ከተቀበለው አሳንሶ ይጽፋል። አበልጅዎ ግን አብልጦ ጽፎ ዕዳውን በራሱ ላይ አመጣ። 4ና 5 ቦታ ተለዋወጡበት። እንዲህ ያለ ስህተት እንቅልፍ ያጣና ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ላይ በብዛት ይታያል። ስለዚህ በዚህ አንድ ደረሰኝ ታማኝነቱን አልጠራጠርም። ትኩረቱ ግን በአሁኑ ሰዓት ጥሬ ገንዘብ ለመያዝ አይበቃም። እርስዎ ጉድለቱን በዝምታ ሲሞሉ ይህ ምልክት ተሸፈነ። ቀጣዩ ስህተት ከኪስዎ በላይ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሰውየውን የሚያነጋግረው ኦዲተር ነው።

ስለዚህ አሁን ማስጠንቀቂያ አይጻፉ፤ ዝም ብለውም አይሸከሙት። መጀመሪያ ያነጋግሩት።

የሥራውን ነገር ቢሮ ውስጥ፣ ጠዋት፣ በር ዘግታችሁ ተነጋገሩ። ቤቱ ሄደው ወይም መጠጥ ቤት ቁጭ ብላችሁ አይሁን፤ እዚያ እርስዎ አበልጅ ነዎት፤ የሚሉት ነገር ሁሉ የዘመድ ወቀሳ ይሆንበታል። ዓርብ ማታም አይሁን፤ ቅዳሜና እሑድን ብቻውን ሲያብሰለስል ይከርማል። «ምን ሆነሃል?» ብለው ከጀመሩ መልሱ «ምንም» ነው። የእኛ አገር ሰው ገመናውን ለአለቃው አያወጣም። እንዲህ ቢሉት ይሻላል፦ «ያለፉት ሁለት ሪፖርቶች ዘግይተዋል። ደረሰኙም ላይ 900 ብር ልዩነት ነበር፤ እኔ ሞላሁት፤ ሳልነግርህ መሞላት አልነበረበትም። ቤትህ እንዳልሞላ አውቃለሁ። የቤትህን አልጠይቅህም፤ መናገር ከፈለግህ እሰማለሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው አሁን የትኛው ሥራ እንደከበደህ ነው።»

ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ረዘመ ብለው በምክር አይሙሉት። «ወንድ ልጅ አይደለህ፣ ጠንከር በል» የሚለው አነጋገር በተለይ ይቅር፤ ያንን የሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ከተናገረ ግን ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ይጠይቁት። ሚስቱ ለምን እንደሄደች አይጠይቁት። ያ ለሥራው ምንም አይፈይድም፤ እርስዎንም ዳኛ ያደርግዎታል።

ቀጥሎ የስድስት ሳምንት ድልድል አውጡና በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለምሳሌ አምስት ቀበሌ የሚከታተል ከሆነ ወደ ሁለት ይውረድ። ገንዘብ መቀበሉን ሌላ ሰው ይያዝ፤ ይህ ለደንበኛውም ለእሱም ጥበቃ መሆኑን በግልጽ ይንገሩት። ሁሉንም ሥራ ግን አይውሰዱበት። ቤቱ ባዶ የሆነበት ሰው ቢሮም ባዶ ከሆነበት ይብስበታል። ድሮ በደንብ የሚሠራው ነገር ይኖራል፤ አዲስ ተበዳሪዎችን ማሠልጠን ሊሆን ይችላል፤ ያ ይቅርለት። በየሰኞው ሩብ ሰዓት ተገናኙና ወረቀቱን ብቻ እዩ። የሚያበቃበት ቀን ወረቀቱ ላይ ይኑር። ቀን የሌለው እርዳታ ለእሱ ውለታ፣ ለባልደረቦቹ ደግሞ አድልዎ ይሆናል።

ለሌሎቹ ሠራተኞች «የሥራ ድልድሉ እስከዚህ ቀን ተለውጧል፤ ማንኛችሁም ችግር ቢገጥማችሁ እንዲሁ አደርጋለሁ» ማለት ይበቃል። የትዳሩን ነገር አይጨምሩ። ቀበሌዎቹን የሚሸፍኑት እነሱ ስለሆኑ ግን ጫናውን ለአንድ ሰው ብቻ አይጣሉት፤ ሐሜቱ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚያ ነው።

ዕረፍት ከፈለገ የዓመት ፈቃዱን ይውሰድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለልዩና ከባድ ሁኔታ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ግን አይበልጥም። ሐኪም ካዘዘለት ደግሞ የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ብዙ ኃላፊዎች ይህን የሚያስታውሱት ጭንቅላቱን ለተመታ እንጂ ጭንቅላቱ ውስጥ ለታመመ ሰው አይደለም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልብ ብለው ይዩት። ሪፖርቱ በቀኑ ከደረሰ፣ ፍጥነቱ ባይመለስም መንገዱ ጥሩ ነው። ሁለት ቀበሌ ይዞም ካቃተው፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ጠዋት አረቄ ከሸተተ፣ ነገሩ ከኀዘን አልፏል። ወደ ሕክምና ይምሩት፤ ደብረ ማርቆስ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል ልሂድ ካለ አይከልክሉት፤ ሕክምናውንም አብሮ ይከታተል።

አንድ ጥያቄ አይፍሩ። «ምን ዋጋ አለኝ»፣ «ብሞት ይሻለኛል» ዓይነት ነገር ከወጣው «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ አብዛኛው ሰው እንዲያውም እፎይ ይላል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ያን ዕለት ሪፖርቱ ይቆይ።

ስድስት ሳምንቱ አልቆ፣ ሕመም ሳይኖርበት፣ የተስማማችሁበትን ካልሠራ ማስጠንቀቂያው ይጻፍ። በዚያን ጊዜ ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተደረገለት ወረቀቱ ላይ ስላለ ውሳኔው ለእሱም ዱብ ዕዳ አይሆንበትም። ለዋናው ቢሮም ያንኑ ወረቀት ያሳያሉ።

የሽምግልናው ነገር ለእርስዎ ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ አበልጅነት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን አይግቡበት እላለሁ። ደመወዙን፣ ፈቃዱን፣ ስህተቱን የሚያውቅ ሰው በሁለቱ መካከል ሲቀመጥ እሷ «የሱ አለቃ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እዚያ የተናገረው ነገር ሥራው ላይ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ለእሷ «የምሠራው ከእሱ ጋር ስለሆነ ሽማግሌ ልሆን አልችልም፤ የነፍስ አባታችሁ ቢይዙት ይሻላል» ብለው በአክብሮት ይመልሱላት። የክርስትና ልጅዎን ግን እንደ ድሮው ይጠይቁት፤ እሱ የማንም ወገን አይደለም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለቀለብ የደመወዝ መጠን ቢጠየቅ ደግሞ፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ተቋሙ በጽሑፍ ይመልሳል። ከዚያ በፊት ለእሷም ለወላጆቿም በቃል ምንም አይንገሩ።