የሁለት ቀን ማፒንግ ሪፖርት፦ ማርክ የሚቆረጠው ሜቶዶሎጂ ላይ ነው

ጥያቄ፦ «ጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። አዳማ ዙሪያ ለሁለት ቀን ማፒንግ ወጥተን ተመለስን። ሪፖርቱ ከመግቢያ እስከ ማጠቃለያ የተለመዱት ክፍሎች አሉት። ማርክ የሚቆረጠው የቱ ላይ ነው? ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።»

እህቴ፣ እኔም የወጣሁት እዚያው አዳማ፣ ቦኩ አካባቢ ነው። ያንቺም ካርታ ላይ ኢግኒምብራይት፣ ባዛልትና ቀይ ስኮርያ አይጠፋም። መግቢያውን እለፊው፣ እሱን ማንም ይጽፈዋል።

1. ሪጅናል ጂኦሎጂውን አሳጥሪ። ስለ ስምጥ ሸለቆው፣ ስለ ወንጂ ፎልት ቤልት፣ ወደ ሰሜን-ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄዱት ፎልቶች አንድ ገጽ ይበቃል። ከሰው ቴሲስ ላይ ያገኘሽውን፣ በዓይንሽ ያላየሽውን ድንጋይ ሎካል ጂኦሎጂ ውስጥ እንዳትከቺው። ወዲያው ያስታውቃል።

2. መጀመሪያ ያየሽውን ጻፊ፣ ስሙ ከዚያ ይምጣ። «ኢግኒምብራይት ነው» ብቻ ካልሽ «ራዮላይት አለመሆኑን በምን አወቅሽ?» ትባያለሽ። ተጨፍልቀው በአንድ አቅጣጫ የተኙ የፓሚስ ቁርጥራጮች አይተሽ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ርዝመታቸውንም ጻፊ።

3. ሜቶዶሎጂ። እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። ብዙ ሰው «ኮምፓስ፣ መዶሻና ጂፒኤስ ተጠቅመናል» ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ቡድን ጸሐፊም እንደዚያው አድርጎ አለፈው።

የመጀመሪያው ቀን የያዝነው የዲፓርትመንቱን ጂፒኤስ ነበር። ማታ ባትሪው አለቀና በሁለተኛው ቀን በስልክ ቀጠልን። ጂፒኤሱ አዲንዳን በሚባለው ዴተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮቹ በሚለኩበት መነሻ፣ ተስተካክሎ ነበር፣ ምክንያቱም የያዝነው 1፡50,000 ቶፖ ሺት የተሠራው በእሱ ነው። ስልክ ግን የሚሰጠው WGS 84 በሚባል ሌላ ዴተም ነው። ሁለቱም ዩቲኤም ዞን 37 ስለሚሉ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይመስላል። ሁሉንም ነጥብ እዚያው ሺት ላይ አሰፈርነው።

ሪፖርቱ ሲመለስ አስተማሪው አንድ የስኮርያ ካባ ላይ ቀይ ከቦበታል። ጽሑፋችን «ከመንገዱ በስተ ደቡብ» ይላል፤ ካርታችን ላይ ካባው ከመንገዱ በስተ ሰሜን ተቀምጧል። «ዶርም ተቀምጣችሁ የፈጠራችሁት ነው» አለን፣ በክፍሉ ተማሪ ሁሉ ፊት። በዚያ ፀሐይ ስንት ዳገት ወጥተን! የጂፒኤሱን ሴቲንግ ለማየት ዕቃ ክፍል ብንሄድ ደግሞ ሰውዬው «ዕቃ መልሳችኋል አይደል? በቃ» ብሎ መስኮቱን ዘጋብን።

ነገሩን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ልኩራራበት። የመጀመሪያውን ቀን የጨረስነው፣ ሁለተኛውንም የጀመርነው እዚያው አንድ ድልድይ ላይ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቦታ በሁለቱም መሣሪያ ተመዝግቧል። ሳስተያያቸው የስልኩ ንባብ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 95 ሜትር ገደማ ይበልጣል። 200 ሜትር በዚያ ሺት ላይ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ካባው ከመንገዱ በስተ ደቡብ 100 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፣ ታዲያ መንገዱን ቢሻገር ምን ይገርማል?

እስከዚያ ለምን አልነቃንም? ሁላችንም የምናየው ፎልቱን ነበር። ስህተቱ የገፋን ወደ ሰሜን-ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ፎልቱም የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው። ነጥቦቹ በመስመሩ ላይ ተንሸራተቱ እንጂ ከመስመሩ ብዙም አልወጡም። የሁለቱ ቀን ፎልት ቆንጆ ሆኖ ገጠመ፣ እኛም አጨበጨብን። የሚያጋልጥሽ መስመሩን የሚያቋርጥ ነገር ነው፦ መንገድ፣ ወንዝ፣ የባዛልቱ ፍሰት የቆመበት ጠርዝ።

ስለዚህ አሁኑኑ መንገድ ወይም ድልድይ ላይ የወሰድሻቸውን ነጥቦች አውጪና ሺቱ ላይ እያቸው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ከሸሹ ችግሩ ዴተም ነው። አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ከሆነ ግን የንባብ ወይም የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ማስታወሻ ደብተርሽን መርምሪ። ዴተም ከሆነ QGIS ላይ የስልኩን ነጥቦች EPSG:32637 ብለሽ አስገቢና፣ የ WGS 84 ኮድ እሱ ነው፣ ወደ አዲንዳኑ EPSG:20137 ቀይሪ። ብዙ የመቀየሪያ ምርጫ ካመጣልሽ ኢትዮጵያ የሚለውን ያዢ። ከዚያ በድልድይሽ አረጋግጪ።

ሜቶዶሎጂ ውስጥም በየትኛው ቀን በየትኛው መሣሪያ እንደለካችሁ፣ በየትኛው ዴተም እንደነበረና ወደ የትኛው እንደቀየራችሁ ጻፊ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። አባሪው ላይ ያለው የነጥቦች ሠንጠረዥም የመሣሪያ ዓምድ ይኑረው። እኛ ይህን ጨምረን ስናስገባ አስተማሪው ካርታውን ተቀበለ፣ የተቆረጠውን ግን ግማሹን ብቻ መለሰልን። ይቅርታ የሚባል ነገርማ ከአፉ አልወጣም።

ስትራክቸርና ማጠቃለያው ካርታው ከተስተካከለ በኋላ ይጻፋል፣ አሁን አትንኪው። የድልድይሽ ሁለት ንባብ ካልገጠመልሽ ቁጥሮቹን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።