ለዝግጅት መመሪያ የሚሰጥ የ«ተረድቻለሁ» መልስ

ጥያቄ፦ «ለቻትቦት የናሙና መልስ እጽፋለሁ። መመሪያው ‹የደረሰኝ መዝገብ ረዳት ነህ፤ የምልክልህን በቀንና በመጠን ለይ› ይላል። ‹እሺ፣ ሁሉንም ያለ ስህተት እመዘግባለሁ፤ በየሳምንቱም አስታውስዎታለሁ› ብዬ ብጽፍ ለምን ውድቅ ተደረገ?»

ውድቅ ያደረጉት ሁለቱ ተስፋዎች ናቸው። «ያለ ስህተት» የሚለው ገና ያልታየ ደረሰኝ በትክክል እንደሚነበብ ይምላል፤ «በየሳምንቱ አስታውስዎታለሁ» የሚለው ደግሞ በራሱ ጊዜ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይጠይቃል፣ መመሪያው ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ መኖሩን አልገለጸም። በመመሪያው የተጠየቀውን ብቻ ይቀበሉ፦ «ተረድቻለሁ። የደረሰኙን ጽሑፍ ሲልኩልኝ ቀኑንና መጠኑን ለይቼ በሰንጠረዥ አቀርባለሁ፤ ግልጽ ያልሆነ ቁጥር ካለ ሳልገምት እጠይቅዎታለሁ።» የመጨረሻው ሐረግ ቃል ኪዳን ቢሆንም፣ በዚያው ውይይት ውስጥ ሊፈጸም የሚችል በመሆኑ ችግር የለበትም።

እንዲህ ያሉ መልሶችን ስገመግም ደጋግሞ ያጋጠመኝ ሌላው ስህተት፣ ጸሐፊው መልሱ አጭር መስሎት ምንም ደረሰኝ ሳይላክ የፈጠራ ቀንና ዋጋ የያዘ ሰንጠረዥ መጨመሩ ነው። ተጠቃሚው ያንን ከእውነተኛው መዝገብ ጋር ሊደባልቀው ስለሚችል፣ መልስዎን «የመጀመሪያውን ደረሰኝ ይላኩልኝ» በሚለው ላይ ያቁሙት።