ስትጋደሚ የሚያጥርሽን ትንፋሽ «የአራስ ድካም» አትበይው

«ከወለድኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጋደም ስል ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ሌሊት ያስለኛል። ጤና ጣቢያ የአራስ ድካም ነው ብለው መለሱኝ። እንዲህ የሆናችሁ አላችሁ?»

አለሁ እህቴ፣ እኔን የያዘኝ ከወሊድ ጋር የሚመጣ የልብ ድካም ነበር። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂጂ፣ ነገ አትበይ። ስትደርሺ፦

1. «ደክሞኛል» አትበያቸው። አራስ ሁሉ ይደክማታል፣ ማንም አይደነግጥልሽም። «በጀርባዬ መተኛት አልችልም፣ ሌሊት ታፍኜ እነቃለሁ» በይ። ልብ ደም መግፋት ሲያቅታት ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ስትጋደሚ ከእግርሽ የሚመለሰው ይጨመርበታል። ቀና ስትዪ ቀለል የሚልሽ ለዚህ ነው። ተራ ድካም ቢሆንማ መተኛት ያሳርፍሽ ነበር።

2. ኢኮ ይታዘዝልኝ በይ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ፒያሳ ያለ አንድ ክሊኒክ ደረቴን አዳምጠው «የሳንባ ምች ነው» አሉና አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ጨረስኩት፣ ሳሉ ባሰ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ስመለስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «አራስ ሆነሽ ምን ያንከራትትሻል? ብርድ ነው የመታሽ» አለችኝ። ማን ሐኪም አደረጋት? እናቴም ብርድ ነው ብላ በጋቢ ጠቅልላ ገንፎ ታበላኝ ነበር፣ በእሷ ግን አልፈርድም።

አንድ ሌሊት ትራስ ተደራርቦልኝም መተንፈስ ሲያቅተኝ ባለቤቴ ሌላ ሆስፒታል ወሰደኝ። ተረኛዋ ሐኪም ገና ስታየኝ «በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» አለችኝ። እስከዚያ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ኢኮው ሲነሳ ልቤ በየምቱ የምትገፋው ከያዘችው ደም 30 በመቶ ብቻ ነበር። ጤነኛ ልብ ከግማሽ በላይ ትገፋለች። ከ45 በታች ሲወርድና ሌላ ምክንያት ሲጠፋ ነው ይህን በሽታ የሚሉት። ፈሳሽ በሚያስወጣ መድኃኒት ትንፋሼ ቶሎ ቀለለልኝ፣ ልቤ ግን ወራት ፈጀባት። አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለውን ዳገት ልጄን አዝዬ እወጣዋለሁ!

3. ይህ ነገር በእርግዝና መጨረሻ አካባቢም ይጀምራል፣ ከወለዱ እስከ አምስት ወር ድረስም ይመጣል። መንታ የወለደችና በእርግዝና ግፊት የነበረባት ይበልጥ ትጠንቀቅ። እኔ ግፊት ነበረብኝ፣ ግን ወልጄ ስወጣ ስለ ልብ ያነሳልኝ የለም። እርጉዝ ከሆናችሁ መድኃኒቱ ስለሚለያይ የሰው ማዘዣ አትዋሱ፤ ኤናላፕሪልን የመሰለው የልብ መድኃኒት ለፅንስ ጎጂ ነው። አንቺም እያጠባሽ እንደሆነ ንገሪያቸው።

በመንገድ ላይ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ በአምቡላንስ እንጂ በታክሲ አትሂጂ። ልብሽ እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ከመጀመርሽ በፊት ለልብ ሐኪምሽ ንገሪ፤ ኤስትሮጅን ያለበት ፒል ደም ያረጋል።